«ገብቷል» ማለት «ተከፍሏል» ማለት አይደለም

በገበያችን ብዙ ንብረት ያስበላን አንድ ቃል አለ፤ «ገብቷል» የሚለው ነው። ገዢው ቼክ ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ወረቀቱን በመስኮት ይሰጣል፤ እኛም «ገብቷል» እንላለን። ቆየት ብሎ ስልካችን ላይ የባንክ መልእክት ይመጣል፤ አሁንም «ገብቷል» እንላለን። ከቀናት በኋላ ደግሞ የገዢው ባንክ ገንዘቡን በእርግጥ ለእኛ ባንክ ያስረክባል፤ ለዚህም ያለን ቃል ያው «ገብቷል» ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ወረቀት መቀበል ነው፤ ሁለተኛው መዝገብ ላይ መጻፍ ነው፤ ሦስተኛው ብቻ ነው ክፍያ። ሐሰተኛ ቼክ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚሠራው በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ጊዜም አያስፈልገውም።

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። ካርቱም ውስጥም ሆነ ከመተማ እስከ ገላባት በምንሠራው ንግድ፣ ዕቃ ከእጃችን መውጣት ያለበት በሦስተኛው «ገብቷል» ብቻ ነው። የተቀባይነት ደረሰኝ ፎቶ፣ የስልክ መልእክት፣ የባንክ ማህተም፣ የደላላ ምስክርነት ሁሉ ከዚያ በፊት የሚመጡ ናቸው። ለምን እንዲህ እንደምንል ቼኩ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለን እናስረዳለን።

ካርቱም ቼክን እንዴት እንደለመደች

ከኢትዮጵያ መጥቶ ካርቱም ንግድ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር የቼክ ብዛት ነው። እዚህ ቼክ የገንዘብ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ የዱቤ ውልም ነው። ነጋዴ ዕቃ ይወስድና ለአንድ ወር ወይም ለሁለት ወር ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። የሚቀበለውም ያንን ቼክ እንደ መያዣ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዴም ጀርባው ላይ ፈርሞ ለራሱ አቅራቢ ያስተላልፈዋል።

በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ነገሩ ተባባሰ። ባንኮች የጥሬ ገንዘብ እጥረት ገጥሟቸው ደንበኛ በቀን የሚያወጣውን ገንዘብ ሲገድቡ፣ ገበያው ላይ ሁለት ዋጋ ወጣ፤ አንዱ የካሽ፣ ሌላው የቼክ። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ እጅ ላይ ካለው ያነሰ ዋጋ ስለነበረው፣ በቼክ የሚገዛ ሰው ጨምሮ ቢከፍል የሚገርመው አልነበረም። በሌላው ዓለም ሰው ሲመክር «ከዋጋው በላይ የሚከፍልህን ተጠራጠር» ይላል። ካርቱም ላይ ግን ከዋጋ በላይ መክፈል የተለመደ ስለሆነ ይህ ምክር ጉልበቱን አጣ። የሌላ አገር ሻጭ የሚደነግጥበት ነገር እኛን አያስደነግጠንም። አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል።

ይህ ልማድ የት ሊያደርስ እንደሚችል ሱዳን አስቀድማ አይታለች። በ2010 በሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ በኤል ፋሸር «ሱቅ አል መዋሲር» የተባለው ገበያ የሰውን ንብረት ከገበያ ዋጋ በላይ በሆነ ሂሳብ፣ ወደፊት በሚከፈል ቼክ ይገዛ ነበር። የገዛውን ዕቃ መልሶ በርካሽ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፤ ቀድመው የመጡትን ሰዎች ቼክ ኋላ በመጡት ሰዎች ንብረት ይከፍላል። ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ መኪናውንና ከብቱን ሰጥቶ ወረቀት ይዞ ቀረ። ገንዘባችን ይመለስ ብለው አደባባይ ከወጡትም ሰዎች የሞቱ ነበሩ። እዚያ ቼኮቹ የሚፈርም ሰው ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ገንዘብ ነው። እኛ ዛሬ የምናወራለት ሐሰተኛ ድራፍት ከዚያም ይብሳል፤ ገንዘብም የፈረመ ሰውም የለውም።

ቼኩ የሚሄድበት መንገድ

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ባንኮችን ብቻ እናስብ፤ የእኛ ባንክና የገዢው ባንክ። ቼኩ የተጻፈው በገዢው ባንክ ላይ ነው፤ ያስገባነው ግን በእኛ ባንክ ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ ወረቀቱን ታያለች፤ ስም፣ ቀን፣ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ መመሳሰሉን ትመለከታለች፤ ማህተም ትመታለች። የገዢው ፊርማ ናሙና እርሷ ጋ የለም። ሂሳቡ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ፣ ሂሳቡም ጭራሽ መኖሩን አታውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የገዢው ባንክ ብቻ ነው። ስለዚህ የእርሷ ማህተም የሚለው «ወረቀቱን ተቀብያለሁ» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በዐረብኛው ባንኮቹ ራሳቸው የዚህን ሁኔታ ስም ሲጠሩ «ተሕተ ተሕሲል» ይላሉ፤ ገና በመሰብሰብ ላይ ያለ ማለት ነው።

ከዚያ ቼኩ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ካርቱም ውስጥ «ሙቃሳ» የምንለው ነው። ባንኮች አንዱ የሌላውን ቼክ የሚለዋወጡበትና በሱዳን ማዕከላዊ ባንክ በኩል ሂሳባቸውን የሚያወራርዱበት ሥርዓት ነው። የገዢው ባንክ ቼኩ ሲደርሰው የመጀመሪያውን እውነተኛ ምርመራ ያደርጋል። ይህ ቁጥር ያለው ቼክ ከእኔ ወጥቷል ወይ? ፊርማው ይመሳሰላል ወይ? ገንዘብ አለ ወይ? ሁሉም ደኅና ከሆነ ይከፍላል። አንዱ ከጎደለ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሰዋል።

ታዲያ ገና ሳይጠየቅ ገንዘቡ በሂሳባችን ላይ ለምን ይታያል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ ባንክ ቼኩን በተቀበለበት ቀን መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል፤ የስልኩ መልእክትም የሚላከው መዝገቡ ሲነካ ነው። ማሽኑ መልእክት የሚልከው ስለተጻፈ እንጂ ስለተከፈለ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሂሳብ ሁለት ቀሪ ሊኖረው ይችላል፤ አንደኛው በመዝገብ ያለው ጠቅላላ ቀሪ ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ ማውጣት የሚቻለው ቀሪ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ልዩነቱ ገና መልስ ያልመጣለት ገንዘብ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ባንኩ እኛን ስለሚያውቀን ብቻ «ነይ አውጪ» ሲለን ነው። ገንዘቡን ቆጥረን ተቀበልን፤ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ እንላለን። ነገር ግን ያ ገንዘብ ባንኩ ያበደረን እንጂ ገዢው የከፈለን አይደለም። ሂሳብ ስንከፍት በፈረምነው ወረቀት ላይ ያስገባነው ቼክ ካልተከፈለ ባንኩ የመዘገበውን መልሶ መቀነስ እንደሚችል ተጽፏል። ቼኩ ከተመለሰ ባንኩ ገንዘቡን ከሂሳባችን ይቀንሳል፤ ሂሳባችን ባዶ ከሆነ ባለዕዳ እንሆናለን። ባንኩ ከአጭበርባሪው ጋር አይከራከርም፤ የሚያውቀው እኛን ነው።

ይህ የሱዳን ኋላ ቀርነት ነው የሚል ካለ ወደ ሌላውም አገር ይመልከት። እንግሊዝ አገር እንኳ እስከ 2007 ድረስ ያስገቡት ቼክ ከየትኛው ቀን በኋላ እንደማይመለስ የተቆረጠ ቀን አልነበረም። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው ከስድስተኛው የሥራ ቀን ማብቂያ በኋላ፣ ደንበኛው ራሱ በማጭበርበሩ ውስጥ እጁ ከሌለበት በቀር፣ ገንዘቡ አይወሰድበትም የሚል ደንብ የወጣው። አሜሪካ ደግሞ በባንክ የተፈረመ ቼክ ሲገባ ባንኩ ገንዘቡን በአብዛኛው በማግስቱ የሥራ ቀን እንዲለቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ ሐሰተኛ መሆኑ ግን ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። እዚያ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ገንዘቡን አውጥተው ለቤተሰብ ከላኩ በኋላ ባንካቸው «መልሱ» የሚላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘቡ መለቀቁና ቼኩ መከፈሉ እዚያም ሁለት ነገር ነው።

አንድ ሐሙስ

አሁን አንድ ጉዳይ በቀን በቀኑ እንከተል። ሂሳቡ እንዲቀልለን ቁጥሮቹን ድፍን አድርገናቸዋል።

አንዲት እህታችን ኦምዱርማን መጋዘን ውስጥ 30 ጆንያ ቡና አላት እንበል፤ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 1,800 ኪሎ። ዋጋው 10 ሚሊዮን የሱዳን ፓውንድ ነው። ረቡዕ ማታ አንድ ገዢ በደላላ በኩል ይመጣል። ናሙናውን ያያል፤ ብዙም አይከራከርም። «ካሽ የለኝም፤ ግን ተራ ቼክ አልሰጥሽም፤ ባንኩ ያረጋገጠው ነው፤ ሙዕተመድ ነው» ይላል። የሂሳብ ቁጥሯን ይጠይቃል፤ «አንቺ አትድከሚ፤ እኔው አስገባልሻለሁ» ይላል። ይህ አነጋገር ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ወረቀቱን እርሷ በእጇ ይዛ እንዳታየው የሚያደርግ ነው።

ሐሙስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ከእርሷ ሰፈር ራቅ ባለ ቅርንጫፍ ቼኩን ያስገባል። ማህተም ያረፈበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ ይልካል። ትንሽ ቆይቶ ከባንኳ መልእክት ይመጣል፤ ሂሳቧ ላይ 10,000,000 ተጨምሯል። መልእክቱ ሐሰተኛ አይደለም፤ የመጣው ከባንኳ ነው። ደላላው «እህቴ፣ ገብቷል እኮ፤ ሰውየውን ምን ታስጠብቂዋለሽ፤ መኪናው በር ላይ ነው» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡናው ይጫናል።

ሐሙስ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ሱዳን ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ ባንክ ዝግ ነው። እሑድ ባንኮች ሲከፈቱ ቼኩ በማጣሪያው በኩል ወደ ገዢው ባንክ ይሄዳል። ያ ባንክ ቁጥሩን ከመዝገቡ ያያይዛል፤ እንዲህ ያለ ቼክ አላወጣም። ሰኞ ቼኩ ይመለሳል፤ ከእህታችን ሂሳብ ላይም 10 ሚሊዮኑ ይቀነሳል። ቡናው ከተጫነ አራት ቀን ሆኖታል፤ ምናልባትም በሦስተኛ እጅ ተሽጧል። የገዢው ስልክ አይሠራም። ደላላው «እኔም እንደ አንቺው ነኝ» ይላል።

ጉዳቱን እናስላው። ከዚህ ጭነት ልታተርፍ የነበረው 800,000 ፓውንድ ነው እንበል፤ ማለትም የቡናው መግዣ፣ መጓጓዣውና ቀረጡ ተደምሮ 9,200,000 አውጥታለች። ያንን ለመመለስ ሌሎች አሥራ አንድ ተኩል ተመሳሳይ ጭነቶችን ያለ ምንም ችግር መሸጥ አለባት። እስከ ሰኞ ብትጠብቅ ኖሮ የሚያስወጣት ግን የአራት ቀን የመጋዘን ኪራይ ነበር። «ገዢው ከሚያመልጠኝ» የሚለው ፍርሃት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከዚህ ጋር ነው የሚመዘነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

ባንክ የፈረመበትስ?

ብዙዎቻችን ተራ ቼክ እንፈራለን፤ ባንክ የፈረመበትን ድራፍት ግን እናምናለን። አገር ቤት ሲፒኦ ሲባል ካሽ እንደተሰጠን እንቆጥረዋለን፤ እዚህም ሙዕተመድ ሲባል እንዲሁ። መነሻው ትክክል ነው። ተራ ቼክ ሲሆን ሰውየው ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ ሲፒኦ ወይም ድራፍት ሲሆን ግን ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ከሰውየው ተቀብሏል፤ ሙዕተመድ ሲሆንም ከሂሳቡ ላይ ይዞታል። ስለዚህ እውነተኛው ድራፍት በገንዘብ እጦት አይመለስም። ጥያቄው «ገንዘብ አለው ወይ» ሳይሆን «ወረቀቱ እውነተኛ ነው ወይ» የሚል ይሆናል። እኛ ግን ጥያቄው የጠፋ ይመስለናል።

ወረቀቱ በሦስት መንገድ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጭራሽ የተፈጠረ ነው፤ በማተሚያ የተሠራ፣ የባንክ ምልክት ያለው፣ ቁጥሩ ግን የትም የሌለ። ሁለተኛው እውነተኛ ሆኖ የተቀየረ ነው፤ በትንሽ ገንዘብ የወጣ ድራፍት አኃዙና ፊደሉ ተፍቆ በትልቅ የተተካ። ይህን አንዳንዴ በእጅ ዳሰሳ መለየት ይቻላል፤ የተፋቀበት ቦታ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይለያያል፣ በአኃዙና በፊደሉ መካከል ያለው ክፍተት ይዛባል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ የእውነተኛ ድራፍት ቅጂ። ገዢው በእርግጥ ባንክ ሄዶ በ10 ሚሊዮን ድራፍት ያወጣል። ከዚያ በትክክል የሚመስለው ቅጂ ይሠራል። ቁጥሩ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ቀኑ አንድ ነው። እኛ ጠንቃቃ ሆነን ባንኩን ብንጠይቅ «አዎ፣ ይህ ቁጥር ከእኛ ወጥቷል፤ መጠኑም ይህ ነው» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የተጠየቁት ስለ ቁጥሩ እንጂ እጃችን ላይ ስላለው ወረቀት አይደለም። ኦሪጅናሉን ገዢው መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ቅጂው እኛ ጋ ይቀራል። በአንድ ቁጥር የሚከፈለው አንዴ ብቻ ነው፤ ኋላ የደረሰው ይመለሳል።

ስልክ መደወልም የራሱ ወጥመድ አለው። በሐሰተኛው ድራፍት ላይ የታተመው የስልክ ቁጥር የአጭበርባሪው ባልደረባ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ደወልን፤ በትሕትና መለሱልን፤ አረጋገጡልን። ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከባንኩ ካልወሰድን ያረጋገጠልን ሌባው ራሱ ነው። ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በመሀል ካርቱም የነበሩ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፣ ተዘግተዋል። የተዘጋ ቅርንጫፍ ስምና ማህተም ያለው ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው «ቅርንጫፉ ስለተዘጋ ስልክ አያነሱም» የሚል ዝግጁ ምክንያት አለው። እንዲህ ያለውን ወረቀት አለመቀበል ይሻላል።

የውጭ ምንዛሪ ድራፍት ሲሆን ነገሩ ይረዝማል። ሱዳን እስከ 2017 ድረስ በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ሽብርን ይደግፋሉ ከተባሉት አገሮች ዝርዝር የወጣችውም በዲሴምበር 2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት የውጭ ባንኮች ከሱዳን ባንኮች ጋር መሥራት ትተው ስለነበር፣ በዶላር የተጻፈ ድራፍት ካርቱም ላይ ሲገባ በሌላ አገር ባንክ በኩል ዞሮ ነው ጥያቄው የሚደርሰው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለአጭበርባሪው የሚተርፈው ቀን ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውም ዕቃ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። «ድራፍቱ የ8,000 ዶላር ነው፤ የእናንተ ዕቃ ግን 5,000 ነው፤ ትርፉን 3,000 ለአጓጓዡ በካሽ ስጡልኝ» ይላል። ድራፍቱ ሲመለስ 3,000ው ከራሳችን ኪስ የወጣ እውነተኛ ዶላር ነው። የከፈለን ሰው መልሶ ካሽ ከጠየቀን፣ ገና ስላልከፈለን ነው።

ሕጉ የሚይዘው ማንን ነው?

ሱዳን ውስጥ ደረቅ ቼክ መስጠት ወንጀል ነው፤ በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 179 ስለዚህ ይናገራል። በዚህ ምክንያት ባለዕዳ ታስሮ እስኪከፍል ድረስ የሚቆይበት አሠራር ሁላችንም የምናውቀው ነው። አገር ቤትም የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ይቀጣል። ሰው «ቼክ ይዣለሁ፤ ካልከፈለኝ አሳስረዋለሁ» እያለ የሚተማመነው ለዚህ ነው።

ይህ መተማመን የሚሠራው ግን ቼኩ እውነተኛ ሲሆን ነው። ደረቅ ቼክ የፈረመ ሰው ስም አለው፣ ሂሳብ አለው፣ ባንኩ ያውቀዋል። ፎርጅድ ድራፍት ላይ ያለው ስም ግን የሌላ ሰው ነው ወይም የማንም አይደለም። ባንኩም «እኔ አላወጣሁትም» ብሎ ነፃ ይሆናል። እጃችን ላይ የሚቀረው ማሰሪያ ሳይሆን የፖሊስ ማስረጃ ነው፤ ያም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የተመለሰውን ወረቀትና ባንኩ ምክንያቱን የጻፈበትን ማስታወሻ በእጃችን መያዝ አለብን።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። የተቀበልነውን ቼክ ጀርባው ላይ ፈርመን ለአቅራቢያችን ካስተላለፍን፣ ቼኩ ሲመለስ አቅራቢው የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ፊርማችን ያለበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ያልተከፈለ ቼክ ማስተላለፍ የሌላውን ሰው ውሸት በራሳችን ስም መድገም ነው። መኖሪያ ፈቃዱ ላልተሟላ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ተከሳሽ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ መቆም ምን እንደሚያስከትል ማብራራት አያስፈልግም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቼክ አንቀበል አንልም። ካሽ በሌለበት ገበያ እንዲህ ማለት ሱቅ እንዝጋ ማለት ነው። የምንለው ጥያቄው መልስ እንዲያገኝ ዕቃው ይጠብቅ ነው። ከሁሉ አጭሩ መንገድ ቼኩን ወደ ገዢው ባንክ መውሰድ ነው። ከገዢው ጋር አብረን ድራፍቱን ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ እንሄዳለን፤ ወረቀቱን ራሳችን ይዘን እናቀርባለን፤ ገንዘቡ እዚያው በካሽ ወይም ወደ ሂሳባችን በዝውውር ይከፈለናል። የጠየቅነው ባንክና የሚከፍለው ባንክ አንድ ስለሆነ መልሱ እዚያው ይሰጣል፤ የቅጂው ማታለያም ይከሽፋል፤ እጃችን ላይ ያለው ወረቀት ራሱ ነውና የሚመረመረው። እውነተኛ ገዢ ግማሽ ቀን ያጠፋል እንጂ የሚያጣው የለም። «አብረን እንሂድ» ሲባል መቶ ምክንያት የሚደረድር ገዢ መልሱን ራሱ ሰጥቶናል።

ይህ ካልተቻለ ቼኩን ራሳችን በባንካችን እናስገባለን፤ ከዚያም እንጠብቃለን። ባንኩን ስንጠይቅ «ገንዘቡ ገብቷል ወይ» ብለን አንጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ይሉናል። የምንጠይቀው «ከከፋዩ ባንክ መልስ መጥቷል ወይ? ከእንግዲህ ይመለሳል ወይ?» ብለን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት የተለያዩ መልሶች አሏቸው። ሐሙስ የገባ ቼክ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ማታ መልስ አለ የሚለንን ሰው አንመን፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት የጠየቀም የመለሰም የለም።

ገዢው የእኛው ባንክ ደንበኛ ከሆነ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ማስተላለፍ ከቼክ ይሻላል፤ የሚጠየቅ ሌላ ባንክ የለምና። እዚያም ቢሆን የምናምነው የራሳችንን ስልክ ከፍተን በሂሳባችን ያየነውን እንጂ ገዢው በእርሱ ስልክ ያሳየንን ምስል አይደለም።

አንዳንዱ ነጋዴ «እንዲህ ካጠበቅን ገዢው ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል» ይላል። እውነት ነው፤ ጎረቤቱ ካላጠበቀ ይሄዳል። ለዚህ ነው ነገሩ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ሳይሆን የገበያ ደንብ መሆን ያለበት። በአንድ መስመር ያሉ ሱቆች «መልስ ሳይመጣ ዕቃ አይወጣም» ብለው ከተስማሙ ገዢው የሚሄድበት ጎረቤት አይኖርም። ደላላውም የድርሻውን መሸከም አለበት፤ ኮሚሽኑ ዕቃው በተጫነ ጊዜ ሳይሆን ቼኩ በተከፈለ ጊዜ የሚሰጠው ቢሆን፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ገብቷል እኮ» ብሎ የሚያጣድፈን ሰው አይኖርም ነበር። አብሮን እስከ ሰኞ ይጠብቃል።

ቃላችንንም እናስተካክል። ደረሰኝ ብቻ ሲኖር «ወረቀቱ ተሰጥቷል» እንበል። መልእክት ሲመጣ «ተመዝግቧል» እንበል። ከፋዩ ባንክ መልስ ሲሰጥ ብቻ «ተከፍሏል» እንበል። መጋዘን ላለው ልጅ፣ መኪና ለሚጭነው ሰው፣ ሱቅ ለምትጠብቀው እህታችን የምንሰጠው ትእዛዝም አንድ ይሁን፤ «ተከፍሏል ሳንልህ ቁልፉን አታውጣ።»